ለጁባ ወጣቶች የሚደርሰው የኢንተርኔት የጤና ምክር ለምን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል?

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ የሚያድግ አማርኛ ተናጋሪ ወጣት ስለ ፆታዊ ጤናው አንድ ጥያቄ ሲያድርበት ጥያቄውን የሚያቀርብባቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። በቤቱ አማርኛ፣ በመንገድና በገበያ የጁባ ዐረቢኛ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይናገራል። በሦስቱም ቋንቋዎች ግን ጥያቄውን ለወላጅ ወይም ለመምህር ማንሳት ያሳፍራል። ስለዚህ የሚጠይቀው ስልኩን ነው።

ስልኩም ፈጥኖ ይመልስለታል። መልሱ አንዳንዴ ለንደን ውስጥ ላለ ታካሚ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። አንዳንዴ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸ የቲክቶክ ቪዲዮ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ላኪው የማይታወቅ፣ ከቡድን ወደ ቡድን ሲተላለፍ የከረመ የድምፅ መልዕክት ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ሆን ተብሎ የተዋሸው የተወሰነው ነው። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው አንድ ቦታ፣ ለአንድ ሰው፣ በአንድ ወቅት እውነት የነበረና ጁባ ሲደርስ ስህተት የሚሆነው ምክር ነው።

የወጣቶች ክበብን የሚመሩ ሰዎች «ኢንተርኔት ላይ ያለውን አትመኑ» ብለው ቢያስጠነቅቁ ብዙም የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ወጣቶቹ ሌላ መጠየቂያ ስለሌላቸው ነገ ተመልሰው እዚያው ይጠይቃሉ። የሚጠቅማቸው ምክሩ በምን በምን መንገድ እንደሚሳሳት ማወቃቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን ዋና ዋና መንገዶች ያብራራል፤ አንድ ምሳሌ በሰዓትና በቀን እየቆጠረ ይከተላል፤ በመጨረሻም ክበቦች ሊጠቀሙበት የሚችሉ የአጭር ንግግር ንድፍ ያቀርባል።

አንደኛው መንገድ፦ ለሌላ አገር ምርመራ የተሰጠ ቁጥር

«የኤችአይቪ ምርመራ ከ45 ቀን በኋላ ውጤቱ አስተማማኝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በኢንተርኔት ላይ በብዛት ይገኛል። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት አይደለም። የተጻፈው ግን ደም ከክንድ ተቀድቶ በላቦራቶሪ ስለሚደረግ ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንደኛው የቫይረሱ የራሱ ፕሮቲን ሲሆን ሁለተኛው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። የቫይረሱ ፕሮቲን በደም ውስጥ ቀድሞ ስለሚታይ ምርመራው በሽታውን ቶሎ ይደርስበታል።

በጁባም ሆነ በአብዛኛው የአካባቢያችን የጤና ተቋማት የሚለመደው ግን ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራውና በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ፈጣን ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ በአብዛኛው የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካላትን ብቻ ነው። ሰውነት ደግሞ እነዚህን አምርቶ በምርመራ እስኪታዩ ጊዜ ይወስድበታል። ከተጋላጭነት በኋላ ከ23 እስከ 90 ቀን ሊፈጅ ይችላል። በመሆኑም ሰውየው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እያለ ምርመራው «ነፃ» ሊለው የሚችልበት ክፍተት አለ ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች ይህን ክፍተት «ዊንዶው ፔሬድ» ይሉታል።

የስህተቱን ዋጋ ለመረዳት በ45ኛው ቀን በጣት ጠብታ ተመርምሮ «ነፃ ነህ» የተባለን ወጣት ማሰብ ይበቃል። ያነበበው ጽሑፍ ውጤቱ የመጨረሻ መሆኑን ነግሮታል። ስለዚህ ወደ ምርመራ አይመለስም፤ ኮንዶም መጠቀምም ያቆማል። በኤችአይቪ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ የሚበዛው ደግሞ ልክ በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ወረቀቱ ላይ «ነፃ» የሚል ውጤት የያዘው ሰው ቫይረሱን ለሌላ የማስተላለፍ ዕድሉ ከፍተኛ በሆነበት ወቅት ላይ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። ስለ ምርመራ ቀን የሚናገር ማንኛውም መልዕክት የትኛውን ምርመራ ማለቱ እንደሆነ ካልተናገረ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። በጣት ጠብታ የተመረመረ ሰው የመጨረሻውን መልስ ለማግኘት ከመጨረሻው ተጋላጭነት ሦስት ወር ሲሞላው ተመልሶ መመርመር ይኖርበታል።

የመድኃኒት መጠንም በተመሳሳይ መንገድ ይሳሳታል። ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ፣ በኢትዮጵያ በስፋት «ፖስት ፒል» እየተባለ የሚታወቀው ዓይነት፣ ሙሉ መጠኑ 1.5 ሚሊግራም ነው። በአንዳንድ አገሮች የሚሸጠው እያንዳንዱ እንክብል 1.5 ሚሊግራም ሆኖ በማሸጊያው ውስጥ አንድ ብቻ ይገኛል። በሌሎች ማሸጊያዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 0.75 ሚሊግራም የሆኑ ሁለት እንክብሎች አሉ። «አንድ እንክብል ይበቃል» የሚለው ምክር ለመጀመሪያው ማሸጊያ ትክክል ነው። ሁለት እንክብል ያለበትን የገዛች ወጣት ምክሩን ከተከተለች ግን የወሰደችው የመጠኑን ግማሽ ነው። እንክብሉን ከመቁጠር ይልቅ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሚሊግራም ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ «እኔ ድኛለሁ» የሚል ምስክርነት

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከየትኛውም የባለሙያ ምክር በላይ የሚታመነው «እኔ ተጠቅሜ ድኛለሁ» የሚል ሰው ነው። ፊቱ ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል፣ የሚያተርፈው ነገር ያለም አይመስልም። ብዙውን ጊዜም እየዋሸ አይደለም። ችግሩ ያለው በበሽታው ጠባይ ላይ ነው።

ቂጥኝን እንውሰድ። ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ በገባበት ቦታ ላይ አንድ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ ጠርዙ ጠንከር ያለ ሲሆን በአብዛኛው አያምም። ወጣቱ ይደነግጣል፤ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፤ ቅጠል ይቀባል፣ በነጭ ሽንኩርት ያሽ ይሆናል፣ ወይም ከመንደር ሻጭ ያገኘውን ቅባት ይጠቀማል። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁስሉ ይጠፋል። ወጣቱም ስልኩን አንስቶ «ይህ ነገር ፈውሶኛል» ሲል በቅንነት ይመሰክራል።

ቁስሉ ግን ምንም ባይደረግለትም በዚያው ጊዜ ይጠፋ ነበር። የቂጥኝ ጠባዩ እንዲህ ነው። ቁስሉ ሲጠፋ ባክቴሪያው በደም ውስጥ ይቀራል። ከሳምንታት በኋላ መላ ሰውነት ላይ፣ በተለይም በእጅ መዳፍና በእግር መርገጫ ላይ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፤ ያም ሽፍታ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይና ልብን፣ የደም ሥርን ወይም አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ መካከል ሴቲቱ ካረገዘች ወደ ፅንሱ ይተላለፋል፤ ፅንሱ ሊሞት ወይም ሕፃኑ ታሞ ሊወለድ ይችላል። ገና ጅማሬው ላይ ያለን ቂጥኝ የሚያድነው ሕክምና ደግሞ በጡንቻ ላይ አንድ ጊዜ የሚወጋ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው።

እንግዲህ ምስክሩ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ያየው ነገር በእርግጥ ሆኗል። የተሳሳተው ምክንያቱን በመለየት ላይ ነው። ሄርፒስም እንደዚሁ ቁስሉ በራሱ ጊዜ ይደርቅና ሌላ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ምልክቱ በራሱ የሚመጣና በራሱ የሚሄድ በሽታ ባለበት ሁሉ ማንኛውም ነገር «መድኃኒት» መምሰሉ አይቀርም። ቅጠሉም ቅባቱም ሎሚውም ተራ በተራ ይመሰገናሉ።

ይህን ለወጣቶች ሲያስረዱ እምነትን ከሕክምና ጋር ማጋጨት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ልምድ በዚህ ረገድ ጥሩ ማሳያ ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ መስፋፋት በጀመረባቸው ዓመታት አንዳንድ ታማሚዎች ወደ እንጦጦ ጸበል ሲሄዱ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በእአአ 2007 ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ መክረዋል። የክበቡ መሪም በተመሳሳይ መንገድ «ጸሎትህን ቀጥል፤ መርፌውን ግን አትተው» ማለት ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ያረጀ እውነት

ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ነገር አይደበዝዝም። የአሥራ አምስት ዓመት ጽሑፍና የትናንቱ ጽሑፍ በስልክ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። በፆታዊ ጤና ላይ ይህ የሚያስከትለውን ጉዳት በግልጽ የሚያሳየው የጨብጥ ሕክምና ነው።

በአንድ ወቅት ጨብጥ በአንድ የሲፕሮፍሎክሳሲን እንክብል ይታከም ነበር። «ሲፕሮ» ርካሽ ነው፤ መርፌም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ምክሩ በየቋንቋው ተሰራጨ። የጨብጥ ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየለመደው መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በእአአ 2016 ባወጣው መመሪያ ሲፕሮን የሚያካትተው የመድኃኒት ቤተሰብ ለጨብጥ እንዳይታዘዝ አሳሰበ። ዛሬ የሕክምናው መሠረት ሴፍትሪአክሶን የተባለ መርፌ ነው።

አሮጌው ምክር ግን ገና አልሞተም። ዛሬም ሰዎች ቀድተው ይልኩታል። የመድኃኒት መደብር ሄዶ ሲፕሮ የገዛ ወጣት ሁለት ነገሮች ሊገጥሙት ይችላሉ። ወይ ምልክቱ ምንም አይለወጥም፤ ያኔ ቢያንስ እንዳልዳነ ያውቃል። ወይም ደግሞ ፈሳሹና ማቃጠሉ ለጊዜው ቀለል ይልለትና በሽታው በውስጡ ይቀራል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ዳንኩ ብሎ ለሌላ ሰው ያስተላልፋል። በሴቶች ላይ ደግሞ ጨብጥ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ምልክት ስለማያሳይ የወንዱ ምልክት ለሁለቱም ብቸኛው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ያልታከመ ጨብጥ ወደ ማህፀንና ወደ ማህፀን ቱቦዎች ሲዛመት መካንነትን ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ ስለ መድኃኒት በሚነገር ምክር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ መቼ ተጻፈ?» የሚለው ነው። ቀን የሌለው ምክር ለመድኃኒት ምርጫ አይሆንም። አጋሩ ያልታከመለት ሰው ደግሞ ትክክለኛውን መርፌ ቢወጋ እንኳ በሽታው ተመልሶ ሊይዘው እንደሚችል ብዙ ምክሮች ሳይናገሩ ያልፉታል።

አንድ ምሳሌ፦ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሦስት ወር

ከላይ የተነገረው ሁሉ በአንድ ሁኔታ ላይ ሲገናኝ ምን እንደሚመስል እንይ። ሁለት ወጣቶች ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግንኙነት ሲያደርጉ ኮንዶሙ ተቀደደ እንበል። አንዳቸውም የሌላውን የኤችአይቪ ሁኔታ አያውቁም። እሑድ ጠዋት ወጣቱ ስልኩን ከፍቶ «መድኃኒቱን በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር ይቻላል» የሚል ያነባል። ከእሑድ አንድ ብሎ ይቆጥርና እስከ ማክሰኞ መጨረሻ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ረቡዕ ጠዋት ጊዜ እንዳለው ይወስናል። ሰኞና ማክሰኞ ሥራ አለበት፤ ስለዚህ ለረቡዕ ጠዋት ያቅዳል።

እዚህ ላይ ምክሩ በትርጉም ጊዜ አንድ ነገር አጥቷል። መመሪያው የሚናገረው ስለ 72 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረውም ተጋላጭነቱ ከደረሰባት ደቂቃ ነው። ከቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት የተነሣ 72 ሰዓት የሚሞላው ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። ረቡዕ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ጊዜው አልፏል። እሑድ ወይም ሰኞ ማለዳ ቢሄድ ግን ይደርስ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሄደው ሰዓት 34 ነው።

መድኃኒቱ በአጭሩ «ፔፕ» ይባላል። ኤችአይቪ በሰውነት ውስጥ ተደላድሎ ከመቀመጡ በፊት የሚያግዱ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ጥምረት ሲሆን ለ28 ቀን በየቀኑ ይወሰዳል። 72ኛው ሰዓት የመጨረሻው ገደብ እንጂ የቀጠሮ ሰዓት አይደለም። መድኃኒቱ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይበልጥ ይሠራል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ከመጀመሩ በፊት ምርመራ ይደረጋል፤ ይህ ምርመራ የሚነግረው ከቅዳሜ በፊት የነበረውን እንጂ የቅዳሜውን ውጤት አይደለም። ብዙ ወጣቶች በሁለተኛው ቀን ተመርምረው «ነፃ» ሲባሉ መድኃኒቱን የሚተዉት ይህን ስለማያውቁ ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት ከሳምንት በኋላ ማቋረጥ ነው፤ ምንም ሕመም ስለሌለ ያለቀ ይመስላቸዋል።

ወጣቷ በበኩሏ ሌላም ሰዓት አላት። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊወሰድ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቀኑ በገፋ ቁጥር የመሥራት ዕድሉ ስለሚቀንስ እሑድ መውሰድ ከሐሙስ እጅግ የተሻለ ነው። ከወሰደች በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስታወከች መጠኑን መድገም አለባት። መድኃኒቱ የሚሠራው እንቁላል ከማኩረቻዋ የምትወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው። በመሆኑም ኢንተርኔት ላይ በተደጋጋሚ እንደሚነገረው ጽንስ አያስወርድም፤ ቀድሞ ያለ እርግዝናንም አያቋርጥም። በቀጣዮቹ ቀናት ለሚደረግ ግንኙነት ዋስትና አይሆንም፤ ኤችአይቪንም ሆነ የአባላዘር በሽታን አይከላከልም። በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕም በአምስት ቀን ውስጥ በባለሙያ ከተደረገ እርግዝናን ይከላከላል፤ ከእንክብሉም ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። የእርግዝና ምርመራ አስተማማኝ የሚሆነው ግንኙነቱ ከተደረገ 21 ቀን ሲሞላ፣ ማለትም በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመርምራ «የለም» የሚል ውጤት ያየች ወጣት እፎይ ለማለት ቸኩላለች። የኤችአይቪ ምርመራው መጨረሻ ደግሞ በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው፤ ፔፕ የወሰደ ሰው የክትትል ቀኖቹን የሚቆርጥለት የጤና ባለሙያው ነው። በመካከሉ ቁስል፣ ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ሲሸኑ ማቃጠል ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ያስፈልጋል።

ግንኙነቱ በኃይል የተፈጸመ ከሆነ ሰዓቶቹ አይለወጡም፤ በደቡብ ሱዳን ግን አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለ። «መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ፎርም 8 ካላስሞላሽ ሐኪም አያይሽም» የሚለው ወሬ በሰፊው የተሠራጨ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይም ፎርሙን የሚጠይቁ ሠራተኞች ያጋጥማሉ። ፎርሙ ለክስ የሚያገለግል የፖሊስ ሰነድ ነው፤ ሕክምና ለማግኘት ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የተደፈረች ሴት መጀመሪያ መሄድ ያለባት ወደ ሕክምና ነው። በጁባ ቲቺንግ ሆስፒታል ለፆታዊ ጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናን፣ የሥነ ልቦናና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ ለመስጠት የተቋቋመ የቤተሰብ ጥበቃ ማዕከል አለ።

ምክሩ ጁባን ሲያጣ

አማርኛ የሚናገር የጁባ ወጣት ተጨማሪ ችግርም አለበት። በአማርኛ የሚያገኘው ጥሩ ምክር እንኳ በአብዛኛው የተዘጋጀው ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ለምሳሌ ብዙ የኢትዮጵያ ቪዲዮዎች ተመልካቹን ለዓመታት ወደሚታወቀው የ952 ነፃ የስልክ መስመር ይመራሉ። እንዲህ ያለ አጭር ቁጥር ግን የሚሠራው በራሱ አገር መረብ ውስጥ ብቻ ነው። «በአቅራቢያዎ ወዳለው የጤና ኬላ ይሂዱ» የሚለው ምክርም ጁባ ላይ የሚያመለክተው ቤት የለም።

ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው የክበቡ መሪ ነው። ከንግግሩ በፊት በነበረው ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት የጤና ተቋማትን በአካል ሄዶ አራት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርበታል፦ ፔፕ አላችሁ ወይ? እሑድና ማታ ትሰጣላችሁ ወይ? ክፍያ አለው ወይ? ለውጭ አገር ዜጋና ለወጣት ያለ ወላጅ ትሰጣላችሁ ወይ? ከእአአ 2025 መጀመሪያ ወዲህ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ መቀነስ በአካባቢው የጤና አገልግሎቶች ላይ ጫና ስላሳደረ ባለፈው ዓመት የነበረ አገልግሎት ዛሬም አለ ብሎ ማሰብ አይገባም። የተገኘው መልስ ከነ ቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይገባል። ወጣቶቹ ከስብሰባው ይዘውት ከሚወጡት ነገር ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅማቸው ይህ ወረቀት ሳይሆን አይቀርም።

ለክበብ የሚሆን የ40 ደቂቃ ንግግር ንድፍ

ንግግሩን አንድ የክበቡ መሪና አንድ ነርስ ወይም ሐኪም አብረው ቢመሩት ይመረጣል። መሪው ቋንቋውንና ወጣቶቹን ያውቃል፤ ባለሙያው መድኃኒቱን ያውቃል።

*1. መግቢያና ደንብ፣ 5 ደቂቃ።* ማንም ስለ ራሱ እንዲናገር አይጠየቅም፤ ማንም ስለ ጓደኛው አያወራም። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል መጠን ያለው ወረቀት ይታደላል። ጥያቄ ያለው ጥያቄውን፣ የሌለው ደግሞ «ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይጽፋል። ሁሉም ሰው ስለሚጽፍ ማን እንደጠየቀ አይታወቅም። ቃላቱም እዚሁ ይወሰናሉ፤ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ኮንዶም የሚሉትን ተናጋሪው ቀድሞ ሳያፍር ከጠራቸው አድማጩም ይጠራቸዋል።

*2. ሦስት መልዕክቶች፣ 12 ደቂቃ።* በሰሌዳ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፋሉ፦ «በ45 ቀን የኤችአይቪ ውጤት የመጨረሻ ነው»፤ «ቅጠሉን ተቀብቼ ቁስሉ በወሩ ጠፋ»፤ «ለጨብጥ አንድ ሲፕሮ በቂ ነው»። ወጣቶቹ በቡድን ሆነው ትክክል ወይም ስህተት ይላሉ። ተናጋሪው ቀጥሎ የሚያሳየው ሦስቱም የሆነ ቦታ ላይ እውነት እንዳለባቸው ነው፤ የመጀመሪያው ለሌላ ምርመራ፣ ሁለተኛው በዓይን ለታየው ነገር፣ ሦስተኛው ለአለፈ ዘመን። በዚህ መንገድ ምክሩን አምኖ የነበረ ወጣት ሞኝ ሆኖ አይታይም፤ ስለዚህ ለመስማት ፈቃደኛ ይሆናል።

*3. የሰዓት መስመር፣ 10 ደቂቃ።* በሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይሰመራል። መነሻው «ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት» ነው። ወጣቶቹ ራሳቸው 72 ሰዓትን፣ አምስት ቀንን፣ 21 ቀንንና ሦስት ወርን በቦታቸው ያስቀምጣሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት የሚባለው በጁባ ክሊኒክ መዝገብ ላይ ከምሽቱ 10 ሰዓት እንደሚጻፍ ማስታወስ ይገባል፤ ለነርሷ ሰዓቱን በተሳሳተ አቆጣጠር የነገረ ሰው ስድስት ሰዓት ያዛባል።

*4. አራት ጥያቄዎች፣ 5 ደቂቃ።* ማንኛውም የጤና መልዕክት ሲደርሳቸው የሚጠይቋቸው ናቸው። ስለ የትኛው ምርመራ ወይም ስለ ስንት ሚሊግራም ነው የሚናገረው? ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? መልዕክቱ መቼ ተጻፈ? በመጨረሻ ላይ የሚሸጥ ነገር አለ ወይ? ከእነዚህ አንዱን እንኳ የማይመልስ መልዕክት በባለሙያ ሳይረጋገጥ አይሠራበትም።

*5. የወረቀት ጥያቄዎችና አድራሻ፣ 8 ደቂቃ።* ባለሙያው የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች ያነብባል። የአንድን ሰው ሕመም የሚገልጽ ጥያቄ ከሆነ በጉባኤ ላይ በሽታውን ለመሰየም መሞከር የለበትም፤ «ይህ መታየት አለበት» ብሎ የሚታይበትን ቦታ ይናገራል። መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ «አጣርቼ በሚቀጥለው ሳምንት እመልሳለሁ» ብሎ በሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፤ በተባለው ሳምንትም ይመልሳል። የአድራሻው ወረቀት ለሁሉም ይታደላል፤ ለጥቂቶች ብቻ ከተሰጠ የተቀበለው ሰው ይጠረጠራል።

ስብሰባው ሲያልቅ ተናጋሪው ወዲያው ባይሄድ መልካም ነው። ሌላው ሁሉ እስኪወጣ ወንበር እያስተካከለ የሚቆይ አንድ ወጣት ሊኖር ይችላል። ለእሱ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሆንክ?» ሳይሆን «መቼ ነበር?» የሚል ቢሆን ይሻላል። መልሱ ከ72 ሰዓት በታች ከሆነ የቀረው ወሬ ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ይደርሳል።